ከ24 ወደ 1፦ የአራት ነገሮች ቅያሪ ለምን ይፈታል?

ጣሊያናዊው ሎዶቪኮ ፌራሪ x⁴ ያለበትን እኩልታ የሚፈታ ዘዴ ያገኘው ገና በወጣትነቱ ነው። ዘዴውንም መምህሩ ጂሮላሞ ካርዳኖ እ.ኤ.አ. በ1545 ባሳተመው «አርስ ማግና» በተሰኘው መጽሐፍ ለዓለም አስተዋወቀው። ከዚያ በኋላ የአውሮፓ የሒሳብ ሊቃውንት ለ x⁵ እኩልታ ተመሳሳይ ቀመር ሲፈልጉ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1824 ኖርዌያዊው ኒልስ አቤል ፍለጋው ከንቱ መሆኑን አሳየ፦ በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛት፣ በማካፈልና ሥር በማውጣት ብቻ አምስተኛ ደረጃውን ሁሉ የሚፈታ ቀመር የለም። አራተኛው ደረጃ ተፈትቶ አምስተኛው የሚያስቸግረው ለምን እንደሆነ ከሥሩ የገለጠው ግን ፈረንሳዊው ኤቫሪስት ጋልዋ ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1832 በሃያ ዓመቱ በሽጉጥ ግጥሚያ ቆስሎ ሞተ፤ ሥራው በወጉ የታተመው በ1846 ነው።

የጋልዋ ሐሳብ እኩልታውን ትቶ መልሶቹን ይመለከታል። አራተኛ ደረጃ እኩልታ አራት መልሶች አሉት፤ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብለን እንጥራቸው። እነዚህን አራት ነገሮች እርስ በርስ ቦታ ማለዋወጥ የሚቻልባቸው መንገዶች 4×3×2×1፣ ማለትም 24 ናቸው። ምንም አለማንቀሳቀስም ከመንገዶቹ አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ከሁለት ቅያሪዎች አንዱን ካደረጉ በኋላ ሌላውን ቢያስከትሉ ውጤቱ ያው ከ24ቱ አንዱ ነው፤ እያንዳንዱን ቅያሪም ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። እንዲህ ያለው ስብስብ ግሩፕ ይባላል፤ የእኛው ግሩፕ ስሙ S₄ ነው። አጻጻፉ ቀላል ነው፦ (1 2) ማለት 1 እና 2 ቦታ ይለዋወጣሉ ማለት ሲሆን፣ (1 2 3) ደግሞ 1 ወደ 2፣ 2 ወደ 3፣ 3 ወደ 1 ቦታ ይሄዳሉ ማለት ነው።

በዚህ ግሩፕ ውስጥ ቅደም ተከተል ለውጥ ያመጣል። (1 2)ን አስቀድሞ (1 3)ን ማስከተልና (1 3)ን አስቀድሞ (1 2)ን ማስከተል አንድ አይደሉም። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ኮሙቴተር ይባላል። ሀ እና ለ ሁለት ቅያሪዎች ከሆኑ መጀመሪያ ሀን፣ ቀጥሎ ለን እናደርጋለን፤ ከዚያ ሀን እናፈርሳለን፣ በመጨረሻም ለን እናፈርሳለን። ቅደም ተከተሉ ለውጥ ባያመጣ ኖሮ ሁሉም ወደ ቦታው በተመለሰ ነበር። ወደ ቦታው ያልተመለሰው ነገር የልዩነቱ ልክ ነው። በሀ = (1 2) እና በለ = (1 3) እንሞክረው። ሁለቱም መለዋወጦች ስለሆኑ አንዱን ማፍረስ ማለት እርሱን መድገም ነው። 1ን ብንከተለው ወደ 2 ይሄዳል፣ እዚያው ይቆያል፣ ወደ 1 ይመለሳል፣ በመጨረሻ 3 ላይ ያርፋል። 3 ደግሞ 2 ላይ፣ 2 ደግሞ 1 ላይ ያርፋሉ። ስለዚህ ኮሙቴተሩ (1 3 2) ነው።

ሁሉንም ኮሙቴተሮች ሰብስበን፣ እነሱን በማስከተል የሚገኙትንም ጨምረን የምናገኘው ትንሽ ግሩፕ ዲራይቭድ ግሩፕ ይባላል። ከእርሱም በተመሳሳይ መንገድ የራሱን ዲራይቭድ ግሩፕ እናወጣለን፤ እንዲህ እያልን የምንወርድበት ተርታ ዲራይቭድ ሲሪስ ነው። መውረዱ «ምንም አለማንቀሳቀስ» ብቻ እስኪቀር ከደረሰ ግሩፑ የሚፈታ ግሩፕ ነው እንላለን። መንገድ ላይ ከቆመ ግን አይፈታም።

S₄ን እናውርደው። ማንኛውም ቅያሪ ከሁለት ለሁለት መለዋወጦች ይሠራል፤ ቁጥራቸው ጎዶሎ ወይም ሙሉ ይሆናል። በኮሙቴተር ውስጥ ሀ እና መፍረሻው፣ ለ እና መፍረሻው ጥንድ ጥንድ ስለሆኑ ድምሩ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ስለዚህ ኮሙቴተር ሁሉ ከ24ቱ ሙሉ የሆኑት 12 ውስጥ ይወድቃል። እነዚህም አንድ ምንም የማያንቀሳቅስ፣ ሦስት ነገር የሚያዞሩ ስምንት፣ እንደ (1 2)(3 4) ጥንዶችን የሚለዋውጡ ሦስት ናቸው። ቅድም እንዳየነው ሦስት የሚያዞሩት ሁሉ ኮሙቴተር ሆነው ይገኛሉ። (1 2 3)ን አድርገን (1 2 4)ን ብናስከትል ደግሞ (1 4)(2 3) ይወጣል። የመጀመሪያው እርምጃ ስለዚህ በትክክል 12 ላይ ያደርሰናል፤ ስሙ A₄ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ከሁሉ ይልቅ ውብ ነው። አራቱን ነገሮች ሁለት ለሁለት የምናጣምርባቸው መንገዶች ሦስት ብቻ ናቸው፦ 12 ከ34፣ 13 ከ24፣ 14 ከ23። አራቱ ነገሮች ሲቀያየሩ ሦስቱ አጣማሪዎችም አብረው ይቀያየራሉ። በA₄ ውስጥ ያለ ቅያሪ ግን ሦስቱን አጣማሪዎች ወይ ባሉበት ይተዋቸዋል፣ ወይ በአንድ አቅጣጫ ያዞራቸዋል እንጂ ሁለቱን ብቻ ለይቶ አያለዋውጥም። ሦስት ነገሮችን በክብ ማዞር ደግሞ ቅደም ተከተል አይጠይቅም። ስለዚህ የA₄ ኮሙቴተር አጣማሪዎቹን ሁሉ ባሉበት መመለስ ግድ ይለዋል፤ ያን የሚያደርጉት ደግሞ «ምንም አለማንቀሳቀስ» እና ሦስቱ የጥንድ ቅያሪዎች ናቸው። ከ12 ወደ 4 ወረድን ማለት ነው። በሀ = (1 2 3) እና በለ = (1 2 4) ቢያሰሉት ኮሙቴተሩ (1 2)(3 4) ይወጣል፤ ቁጥሮቹን በማለዋወጥ ሌሎቹም ሁለቱ ይገኛሉ። አራቱም ተሟልተዋል።

ሦስተኛው አጭር ነው። (1 2)(3 4)ን እና (1 3)(2 4)ን በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢያስከትሉ (1 4)(2 3) ይወጣል። ቅደም ተከተል ለውጥ ስለማያመጣ ኮሙቴተሮቹ ሁሉ «ምንም» ናቸው። ተርታው 24፣ 12፣ 4፣ 1 ሆኖ ተጠናቀቀ፤ S₄ ይፈታል። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ተማሪ A₄ ውስጥ ቅደም ተከተል ለውጥ እንደሚያመጣ አይቶ «አይፈታም» ብሎ ያቆማል። የሚፈታ ግሩፕ መሆን ግን መውረዱ መጨረሻ ላይ መድረሱን እንጂ በአንድ እርምጃ መድረሱን አይጠይቅም።

ከ24 ወደ 12 ስንወርድ በ2፣ ከ12 ወደ 4 በ3 ተካፍሏል፤ የቀሩት 4 ደግሞ 2×2 ናቸው። ጋልዋ እነዚህ ቁጥሮች ምን ዓይነት ሥር እንደሚወጣ እንደሚናገሩ አየ፦ አንድ ካሬ ሥር፣ አንድ ኩብ ሥር፣ ሁለት ካሬ ሥሮች። የአራተኛ ደረጃ መፍቻ መንገድ ላይ ሦስተኛ ደረጃ እኩልታ የሚመጣውም ለዚህ ነው፤ የእርሱ ሦስት መልሶች የሦስቱ አጣማሪዎች አቻ ናቸው።

በአምስት ነገሮች ሲሆን የመጀመሪያው እርምጃ ከ120 ወደ 60 ያወርዳል። ከዚያ ይቆማል። (1 2 4) እና (1 3 5) የሚጋሩት አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ኮሙቴተራቸውም (1 5 4) ይሆናል። ይህ መልሶ ሦስት የሚያዞር ቅያሪ ነው። ቁጥሮቹን በማለዋወጥ ሦስት የሚያዞሩት ሁሉ በዚህ መንገድ ይገኛሉ፤ ስለዚህ ስልሳዎቹ ሁሉ ይመለሳሉ፣ ምንም አይቀነስም። እንዲህ አንድ ቁጥር ብቻ የሚጋሩ ሁለት ዙሮች ለማግኘት አምስት ቦታ ያስፈልጋል። በአራት ቦታ ሦስት ሦስት የሚያዞሩ ሁለት ቅያሪዎች ቢያንስ ሁለት ቁጥር መጋራት ግድ ይላቸዋል። x⁵ − x − 1 = 0 የተባለው ተራ የሚመስል እኩልታ መልሶች በሥር ቀመር ሊጻፉ የማይችሉትም ግሩፑ እነዚህን 120 ቅያሪዎች ሁሉ ስለያዘ ነው።