«ሰሞኑን አስገባለሁ» ከማለት በፊት

ኪራይ የዘገየበት ሰው ለቤት አከራዩ የሚጽፈው መልእክት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይመስላል፦

«እትዬ፣ እንዴት ዋሉ? በጣም ይቅርታ፣ የዚህ ወር ኪራይ ትንሽ ዘግይቶብኛል። ነገሮች ተደራርበውብኝ ነው፤ ያው ኑሮውን ያውቁታል። ሰሞኑን አስገባለሁ፤ እግዜር ያውቃል፣ አላስቀርብዎትም።»

መልእክቱ ትሁት ነው፤ ውሸትም የለበትም። ሆኖም እትዬ አንብበው ሲጨርሱ ማወቅ ከሚፈልጉት አንዱንም አላገኙም። ገንዘቡ መቼ ይገባል? ሙሉው ነው ወይስ ግማሹ? የሚቀጥለው ወርስ? ብዙ አከራይ በዚያ ገንዘብ እቁብ ይጥላል፣ የባንክ ብድር ይከፍላል፣ ወይም የወሩን አስቤዛ ይሸፍናል። «ሰሞኑን» የተባለ ሰው የእቁብ ዳኛውን ምን ብሎ ያስታግሰዋል? መልስ ስለሌለው ይደውላል፣ በር ያንኳኳል። ተከራዩ ደግሞ ተጨቀጨቅሁ ይላል።

አንድ ጉዳይ እንይ። በአዲስ አበባ ሰርቪስ ቤት የተከራየ ወጣት አለ። ኪራዩ 9,000 ብር ነው፤ ወር በገባ በ5 ይከፈላል። የሚሠራበት የግል ድርጅት ደመወዙን አዘግይቶ ኅዳር 12 እንደሚከፍል ነግሮታል። እጁ ላይ ለትራንስፖርትና ለምግብ የሚሆነውን ካስቀረ በኋላ 4,000 ብር አለው። ኅዳር 3 ቀን እንዲህ ብሎ ቢጽፍስ?

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? የኅዳር ኪራይ 9,000 ብር ኅዳር 5 መክፈል እንዳለብኝ አውቃለሁ። መሥሪያ ቤታችን ደመወዝ ስላዘገየ ኅዳር 12 እንደሚከፍለን አስታውቆናል። ዛሬ 4,000 ብር በሒሳብዎ አስገብቻለሁ፤ ደረሰኙን ልኬልዎታለሁ። የቀረውን 5,000 ብር እስከ ኅዳር 14 ማታ አስገባለሁ። የታኅሣሥ ኪራይ በቀኑ ይደርሳል። ስላዘገየሁብዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

የተጻፈው ቀኑ ከማለፉ በፊት ነው፤ ይህ ብቻውን ብዙ ይለውጣል። ቀኑ ሳያልፍ የተነገራቸው ባለቤት የራሳቸውን ክፍያ ለማሸጋሸግ ጊዜ ያገኛሉ። ካለፈ በኋላ የሚመጣ ማብራሪያ ግን የቱንም ያህል እውነት ቢሆን ለጥያቄ የተሰጠ መልስ ይመስላል።

ደመወዙ የሚገባው ኅዳር 12 ሆኖ ቃሉ ለኅዳር 14 መሰጠቱም ታስቦበት ነው። ደመወዝ አንድ ቀን ሊንሸራተት፣ የባንክ ኔትወርክ ሊቋረጥ ይችላል። ቀኑን ማሳጠር ለጊዜው ደስ ያሰኛል፤ ሁለተኛ ጊዜ ቃል ማፍረስ ግን ከመጀመሪያው መዘግየት ይከፋል።

በቀን ጉዳይ ሌላም ወጥመድ አለ። ደመወዙን በፈረንጅ ወር የሚቀበል ሰው «በ30 እከፍላለሁ» ሲል ኖቬምበር 30ን ማለቱ ይሆናል፤ ይህ በአብዛኛው ዓመት ኅዳር 21 ነው። እትዬ ግን ኅዳር 30 ብለው ይይዙታል። ሰውየው በፈረንጁ በ14 ማለቱ ከሆነ ደግሞ ገና ኅዳር 5 ነው። ስለዚህ ወሩን በስሙ፣ በአከራዩ አቆጣጠር መጻፍ ይሻላል።

ምክንያቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። የዘመድ ሕመም፣ የኑሮ ውድነት፣ መሐላ፣ ከጎረቤት ተከራይ ጋር መነጻጸር የለበትም። የሚያፈስ ጣሪያ ካለም በሌላ ቀን ይነሣ፤ እዚህ ከገባ ኪራዩን የያዘው በእልህ ይመስላል። ምክንያቱም እውነተኛው ይሁን። ገንዘቡ ለሌላ ነገር ወጥቶ ከሆነ «ያልታሰበ ወጪ ገጥሞኝ» ማለት ይበቃል እንጂ በደመወዝ ማሳበብ አይገባም፤ የአንድ ሰፈር ሰው ወሬ አይቀርበትም።

የሚገባበት ቀን ጨርሶ የማይታወቅ ገንዘብም አለ፦ ያላለቀ ሥራ ክፍያ፣ ከውጭ የሚጠበቅ እርዳታ። እንዲህ ሲሆን ቀን ፈጥሮ ከመስጠት «እስከ ኅዳር 10 አጣርቼ እነግርዎታለሁ፤ እስከዚያው ይህን ያህል አስገብቻለሁ» ማለት ይቻላል። ይህም ቀጠሮ ነውና በ10 መደወል ግድ ነው።

እትዬ በዕድሜ የገፉ ከሆኑ ወይም ስልካቸውን ልጃቸው የሚያነብላቸው ከሆነ አስቀድሞ መደወል፣ ከተቻለም ቤታቸው ሄዶ መናገር ነው ወጉ። የጽሑፉ መልእክት ከዚያ በኋላ ይላካል፤ የተባለው ቀንና ብር ተጽፎ እንዲቀመጥ ነው። ክፍያውም በጥሬ ገንዘብ ባይሆን ይመረጣል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ም ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ይላል። ለሁለት ተከፍሎ በሚገባ ኪራይ ላይ ክርክር ቢነሣ የሚዳኘው ደረሰኙ ነውና።

ኅዳር 14 ደርሶ ገንዘቡ ሲገባም አንድ አጭር መልእክት ይቀራል፦ «እትዬ፣ የቀረውን 5,000 ብር አሁን አስገብቻለሁ። የኅዳር 9,000 ብር ተጠናቋል። ሲደርስዎ ቢያሳውቁኝ።»