ሪሌው ሲበራ የሚዘለው ሙቀት

ማራገቢያ ያለው የጫጩት መፈልፈያ ሳጥን 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መቆየት አለበት። ሳጥኑን ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው አርዱዊኖ ኡኖ፣ ኤልኤም35 የተባለውን የሙቀት ሴንሰርና ማሞቂያውን አምፖል የሚያበራና የሚያጠፋ ሪሌ ነው። ሥራው ሲጀመር ግን ሪሌው ቀጭ ቀጭ እያለ በየሰከንዱ ይበራል፣ ይጠፋል። ንባቡም 37.1፣ 39፣ 37.6፣ 39 እያለ ይዘላል። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሴንሰሩን ነው፤ ሴንሰሩ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋት የለበትም።

ኤልኤም35 ለእያንዳንዱ ዲግሪ 10 ሚሊቮልት ያወጣል። በ37.5 ዲግሪ የሚያወጣው 375 ሚሊቮልት ነው። ኡኖው ይህን ከማጣቀሻ ቮልቴጁ ጋር አስተያይቶ ከ0 እስከ 1023 ያለ ቁጥር ይሰጠዋል። ካልተነገረው በቀር ማጣቀሻ የሚያደርገው ራሱ የሚሠራበትን 5 ቮልት ስለሆነ፣ ቁጥሩ 76 ወይም 77 ይሆናል። ሪሌው ሲበራ ግን ጥቅልሉ ወደ 70 ሚሊአምፔር ይስባል። የዩኤስቢው ገመድ ቀጭን ወይም ቻርጀሩ ደካማ ከሆነ 5 ቮልቱ ወደ 4.8 ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ያው 375 ሚሊቮልት 80 ሆኖ ይነበባል። ኮዱ አሁንም 5 ቮልት ነው ብሎ ስለሚያሰላ ውጤቱ 39 ዲግሪ ይወጣል። ስለዚህ ሪሌውን ያጠፋል፤ ሪሌው ሲጠፋ ቮልቴጁ ይመለሳል፣ ንባቡ ይወርዳል፣ እንደገና ያበራል። ነጋዴ በሚለጠጥ ሜትር ጨርቅ ቢለካ የሚያጋጥመው ይኸው ነው፤ ጨርቁ ሳይለወጥ ልኩ ይለወጣል።

እዚህ ላይ አማካይ መውሰድ አይረዳም። መቶ ጊዜ ቢለካም መቶውም ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው። መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ማጣቀሻው ነው። ኡኖ ውስጥ ያለው ቺፕ የራሱ 1.1 ቮልት ማጣቀሻ አለው፤ 5 ቮልቱ ትንሽ ቢወርድም እሱ ንቅንቅ አይልም። በዚያ ላይ አንድ እርምጃ ከግማሽ ዲግሪ ገደማ ወደ 0.1 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ከፍተኛው የሚለካው 110 ዲግሪ ነው፤ ለመፈልፈያ ከበቂ በላይ ነው። ጥንቃቄ የሚሻው ነገር ይህ ቮልቴጅ ከቺፕ ቺፕ ስለሚለያይ ከ1.0 እስከ 1.2 ሊሆን መቻሉ ነው። ማጣቀሻውን ካበሩና አንድ ጊዜ ካነበቡ በኋላ AREF የሚል በተጻፈበት ፒን ላይ በመልቲሜትር ለክተው ትክክለኛውን ቁጥር ኮዱ ውስጥ ያስገቡ። 1.08 ሆኖ ሳለ 1.1 ብለው ከጻፉ፣ 37.5 ዲግሪው 38.2 ሆኖ ይታያል። በዚያ ፒን ላይ ሌላ ቮልቴጅ አይሰኩበት።

የግራውንዱ ሽቦም ተመሳሳይ ጥፋት ያመጣል። የሪሌው 70 ሚሊአምፔር ሴንሰሩ በሚጋራው ሽቦ ላይ ካለፈና የሽቦው ተቃውሞ 0.1 ኦም ከሆነ፣ 7 ሚሊቮልት ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። ይህ 0.7 ዲግሪ ማለት ነው። የሴንሰሩ ግራውንድ ለብቻው እስከ ኡኖው ይሂድ።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው በእውነተኛው ልክ ዙሪያ ወዲያና ወዲህ የሚል መንቀጥቀጥ ነው። የአማካይ ሥራ እዚህ ላይ ነው። መንቀጥቀጡ የዘፈቀደ ከሆነ የ16 ንባብ አማካይ ወደ ሩብ ያወርደዋል፤ ወደ አሥረኛ ለማውረድ 100 ንባብ ያስፈልጋል። የአምፖሉ የመብራት ሽቦ በሴንሰሩ ሽቦ አጠገብ ካለፈ ደግሞ የሚገባው ረብሻ የዘፈቀደ አይደለም፤ መብራታችን በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚዞር አንዱ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ንባቦቹን ልክ በ20 ሚሊሰከንድ ውስጥ ቢያዳርሷቸው የዙሩ ላይኛውና ታችኛው ግማሽ ይጣፋል። አንድ ንባብ 0.11 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሚወስድ፣ በመካከላቸው 888 ማይክሮሰከንድ ይጠበቃል፦

```
analogReference(INTERNAL);  // setup()
```

```
long s = 0;
for (int i = 0; i < 20; i++) {
  s += analogRead(A0);
  delayMicroseconds(888);
}
float t = s / 20.0 * 1.08 / 1024 * 100;
y = y + 0.1 * (t - y);
```

ማጣቀሻው ከተቀየረ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ንባቦች ይጣሉ። የመጨረሻው መስመር ማጣሪያው ነው፤ አዲሱን ልክ ሙሉ በሙሉ ሳይቀበል ከልዩነቱ አንድ አሥረኛውን ብቻ ይወስዳል። y ከዜሮ እንዳይጀምር መጀመሪያ የተገኘው t ይሰጠው። በየሰከንዱ አንድ ጊዜ ከተሠራ፣ ሙቀቱ በድንገት ቢለወጥ ንባቡ የለውጡን 90 በመቶ ለማሳየት 22 ሰከንድ ይፈጅበታል። 0.1 የሚለውን 0.01 ያደረገ ሰው መስመሩ ተስተካክሎ ሲያይ ደስ ይለው ይሆናል፤ ንባቡ ግን ወደ 4 ደቂቃ ይዘገያል፣ አምፖሉም በዚያ ጊዜ ውስጥ ሳጥኑን አሙቆ ያልፋል።

ጥፋቱ ከየት እንደሆነ ለመለየት ሪሌውን በእጅ አብሩና አጥፉ። ንባቡ በበራ ቁጥር ወደ አንድ ወገን ከዘለለ፣ ጉዳዩ የማጣቀሻው ወይም የግራውንዱ ነው። አማካይም ማጣሪያም የሴንሰሩን የራሱን ስሕተት አያርሙም፤ ስለዚህ እንቁላሉን ከማስገባታችሁ በፊት ሳጥኑን በታመነ ቴርሞሜትር አመሳክሩ።