ማንም ባያየውም የሚጠፋው ጭረት

ስለ ድርብ ስንጥቅ ሙከራ በዩቲዩብም በጓደኛ ጨዋታም የሚነገረው ታሪክ ዋና ገጸ ባሕሪው ዓይን አፋር ኤሌክትሮን ነው። ካላዩት በሁለቱም ስንጥቅ እንደ ሞገድ ያልፋል፤ ካዩት ግን ደንግጦ እንደ ጠጠር በአንዱ ብቻ ይሄዳል። ተራኪው ትንሽ ከደፈረ “እንግዲህ ዓለምን የሚፈጥረው የእኛ አእምሮ ነው” ብሎ ይጨርሳል። እውነተኛው ነገር ከዚህ የበለጠ ይገርማል፤ ደግሞም ትልቁን ክፍል ዓለም ባንክ ሰፈር ውስጥ በአንዲት ጨለማ ክፍል መሞከር ይቻላል።

በመጀመሪያ ስንጥቁን እንተወው። ቶማስ ያንግ በ1803 ለለንደን ሮያል ሶሳይቲ ያቀረበው ሙከራ ስንጥቅ አልነበረውም። በመስኮት መዝጊያ ላይ ከበሳው ትንሽ ቀዳዳ የሚገባውን የፀሐይ ጨረር አንድ ሚሊሜትር በማትሞላ የካርድ ቁራጭ ጠርዝ ለሁለት ከፈለው። በቁራጩ ጥላ ውስጥና ዙሪያ ደማቅና ጨለማ ጭረቶች ታዩት። በአንድ በኩል የሚያልፈውን ብርሃን ሲከልል በጥላው ውስጥ የነበሩት ጭረቶች ጠፉ፤ ስለዚህ ጭረቱን የሚሠሩት ሁለቱም ወገኖች አብረው ነው ማለት ነው። በ1909 ጄፍሪ ቴይለር በካርዱ ፈንታ መርፌ አደረገ፤ ብርሃን የሚሰጠውን የጋዝ ነበልባል በጠቆረ መስታወት እጅግ አደበዘዘው። ረጅሙ ፎቶ ሦስት ወር ገደማ ፈጀ፤ ጭረቶቹ ግን እንደ ብርቱው ብርሃን ሁሉ ጥርት ብለው ወጡ።

የእኛ መርፌ ከተበላሸ የቻርጀር ገመድ የሚወጣ አንድ የመዳብ ክር ነው። ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር አካባቢ ይሆናል። ቀይ ሌዘር (650 ናኖሜትር) ክሩን መሃል ለመሃል ሲመታውና ግድግዳው 3 ሜትር ሲርቅ፣ በመሃሉ ደማቅ ነጥብ ግራና ቀኝ 2 ሴንቲሜትር ገደማ እየተራራቁ የሚደረደሩ ጭረቶች ይታያሉ። መብራት የጠፋበት ምሽት ለዚህ ሥራ ይመቻል። ሌዘሩን ዓይን ላይ አለማብራትን ብቻ አትርሱ፤ መስታወት ላይ ነጥሮ የሚመለሰውንም ጭምር።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው ፖላራይዘር ነው፤ ብርሃን የሚወዛወዝበትን አቅጣጫ የሚመርጥ ፊልም። የማይሠራ ካልኩሌተር ስክሪን ፊት ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ በቀስታ ከተላጠና ሙጫው በአልኮል ከተጠረገ ይበቃል። ካነሰ የሞባይል ጠጋኞች የሚጥሉት አሮጌ ስክሪን አለ። ከአንዱ ፊልም አራት ቁራጭ ይቆረጣል። ሁለት ቁራጭ ደራርበው አንዱን ሲያዞሩት በአንድ ቦታ ላይ ድፍን ጨለማ ከሆነ ፊልሙ ደህና ነው፤ በዚያ ቦታ የሁለቱ አቅጣጫ በ90 ዲግሪ ተጻርሯል።

አሁን ሁለቱን ቁራጮች ጎን ለጎን አጋጥመን መጋጠሚያቸውን በክሩ እንሸፍነዋለን። በክሩ ግራ የሚያልፈው ብርሃን ወደ ላይና ወደ ታች እንዲወዛወዝ፣ በቀኝ የሚያልፈው ወደ ጎን እንዲወዛወዝ ይሆናል። ሦስተኛው ቁራጭ ከሌዘሩ ፊት ለብቻው ይቆማል፤ አቅጣጫው በሁለቱ መካከል፣ 45 ዲግሪ ላይ። በመጨረሻም ፊልሙን ሳይነኩ ሌዘሩን ራሱን ብርሃኑ እስኪበረታ ማሽከርከር ነው። ግድግዳው ላይ ጭረቶቹ ጠፍተው የደበዘዘ ብርሃን ብቻ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የመግቢያው ፊልም አቅጣጫ ከግራው ቁራጭ ጋር ከገጠመ በቀኝ በኩል ምንም አያልፍም፤ ጭረቱም ይጠፋል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው፣ አንዱ መንገድ ስለተዘጋ። ለመለየት በወረቀት አንዱን ጎን፣ ቀጥሎ ሌላውን መከለል ነው፤ ሁለቱም ተመጣጣኝ ብርሃን መስጠት አለባቸው። ሁለተኛው ፈተና አራተኛው ቁራጭ ነው፤ ኋላ እንመጣበታለን።

ምን ሆነ? ማንም አላየም። ግድግዳው ላይ ያለውን ብርሃን በዓይናችን ብናየውም የትኛው ብርሃን በግራ፣ የትኛው በቀኝ እንዳለፈ አልለካንም። ልንለካ ግን እንችል ነበር፤ የመወዛወዣው አቅጣጫ መንገዱን በብርሃኑ ላይ ጽፎበታልና። ጭረቱን ያጠፋው ጽሑፉ መኖሩ ነው፤ መነበቡ አይደለም። የፊዚክስ ሰዎች “የመንገድ መረጃ” የሚሉት ይህንኑ ነው። “መረጃ” የሚለው ቃል ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለ ዕውቀት ስለሚያስመስል ብዙ ሰው ከዚህ ይስታል።

ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው የሚቀጥል ነው። ጭረቱ ሲጠፋ በፈንታው ሁለት ቋሚ ምልክት ይወጣል ይባላል፤ ጤፍ በሁለት ቀዳዳ ቢፈስ ሁለት ክምር እንደሚሠራው። የቪዲዮዎቹ አኒሜሽን ሁሌም እንዲህ ነው። ቁጥሩን እንየው። ስፋታቸው 0.05 ሚሊሜትር የሆነ፣ እርስ በርሳቸው በሩብ ሚሊሜትር የሚራራቁ ሁለት ስንጥቆች ቢኖሩ፣ ከእያንዳንዱ ብቻውን የሚወጣው ቀይ ብርሃን 3 ሜትር ርቆ ወደ 8 ሴንቲሜትር ይንሰራፋል። የሁለቱ ብርሃኖች መሃሎች የሚራራቁት በዚያችው ሩብ ሚሊሜትር ነው። አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ አንድ ሰፊ ብርሃን ይሆናል እንጂ ሁለት ክምር አይወጣውም። ብርሃኑ ከስንጥቁ ሲወጣ መንሰራፋቱ ራሱ የሞገድ ባሕርይ ስለሆነ፣ የመንገድ መረጃ ሲገኝ “ሞገድነቱ ጠፍቶ ጠጠር ሆነ” ማለትም አይሆንም። የጠፋው በሁለቱ መንገዶች መካከል የነበረው ኢንተርፈረንስ ብቻ ነው።

ከዚያ ደግሞ ነገሩ ወይ አለ ወይ የለም ዓይነት አይደለም። ሁለቱን ቁራጮች በ90 ፈንታ በ60 ዲግሪ ብናጻርራቸው፣ የሁለቱ ወገን ብርታት እኩል እስከሆነ ድረስ ጭረቱ በግማሽ ጉልህነት ይታያል። በ30 ዲግሪ ከመቶ 87 ያህሉ ይተርፋል። በርትሆልድ ጆርጅ ኢንግለርት በ1996 ያስቀመጠው ሕግ ይህን ጠቅለል ያደርገዋል፤ መንገዱን የመለየት አቅም D፣ የጭረቱ ጉልህነት V ቢባል

D² + V² ≤ 1

ነው። በ60 ዲግሪው V 0.5 ሲሆን D 0.87 ይደርሳል። መንገዱን በደንብ መለየት ይቻላል፣ ጭረቱም ገና ዓይን ይሞላል።

“እሺ፣ ግን ፊልሙ ብርሃኑን ነክቶታል፤ መለኪያ ሁሉ የሚለካውን ይገፋል” የሚል አንባቢ ይኖራል። ይህ ከተሳሳቱት አስተያየቶች ሁሉ የሚከበረው ነው፤ ሃይዘንበርግም ነገሩን መጀመሪያ ያስረዳው በዚህ መልክ ነበር። መልሱ በ1998 ከኮንስታንዝ፣ ጀርመን መጣ። ሽቴፋን ዱርና ባልደረቦቹ ከጌርሃርድ ሬምፔ ጋር በጣም ቀዝቃዛ የሩቢዲየም አቶሞችን በብርሃን ሞገድ ለሁለት መንገድ ከፈሉ፤ ከዚያም በማይክሮዌቭ የአቶሙን ውስጣዊ ሁኔታ መንገዱን እንዲጽፍ አደረጉ። ማይክሮዌቭ ፎቶን አቶሙን የሚገፋው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ጭረቱን ለማደብዘዝ ከሚያስፈልገው ግፊት በአሥር ሺህ እጥፍ ገደማ ያንሳል። ጭረቱ ግን ጠፋ። ስለዚህ ያጠፋው ግፊቱ ሊሆን አይችልም። የቀረው ምክንያት የአቶሙ ውስጣዊ ሁኔታ ከመንገዱ ጋር መቆራኘቱ ነው።

ተመልካቹን ፈጽሞ ያስወጣው ሙከራ ግን በእኔ አስተያየት የቪየናው ነው። አንቶን ዛይሊንገርና ማርኩስ አርንት በ1999 ከስልሳ የካርቦን አቶሞች የተሠራ ሞለኪውል ኢንተርፈረንስ እንደሚያሳይ አረጋግጠው ነበር። በ2004 ሉሲያ ሃከርሙለርና ባልደረቦቿ ሰባ ካርቦን ያለውን ሞለኪውል ወሰዱ። ሁለት ስንጥቅ ሳይሆን ብዙ ስንጥቅ ያላቸው ግሬቲንጎችን ተጠቀሙ። ሞለኪውሉ ወደ ግሬቲንጎቹ ከመግባቱ በፊት በሌዘር ያሞቁታል። ሙቅ ነገር ይግላል፤ የጋለ ሞለኪውልም እየበረረ ፎቶን ይተፋል። የተተፋው ፎቶን የሞገድ ርዝመቱ ካጠረ፣ ሞለኪውሉ በየት በኩል እንደነበር በራሱ ተሸክሞ ይሄዳል። ማንም አይይዘውም፤ የመሣሪያው ግድግዳ ይውጠዋል። ሙቀቱ ሲጨምር ጭረቱ ቀስ በቀስ ደበዘዘ፤ ወደ 3000 ኬልቪን ሲጠጋም ጨርሶ ጠፋ። አእምሮ አልነበረም፤ የመንገዱን ምልክት እንዲያነብ የተቀመጠ ዳሳሽም አልነበረም። ሞለኪውሉ ራሱ ወሬውን አወጣ።

አሁን ወደ አራተኛው ቁራጭ እንምጣ። ከክሩ በኋላ፣ ጨረሩ ወደ ግድግዳው በሚሄድበት መንገድ ላይ 45 ዲግሪ አድርገን ብንይዘው ጭረቶቹ ተመልሰው ይታያሉ። ይህን “ኳንተም ማጥፊያ” ይሉታል፤ የሚያጠፋው ጭረቱን ሳይሆን ጽሑፉን ስለሆነ ነው። ፊልሙን ካለፉ በኋላ ሁለቱም ብርሃኖች በአንድ አቅጣጫ ይወዛወዛሉ፤ የትኛው ከየት እንደመጣ መለያ አይኖራቸውም። ፖል ክዊያትና ሬቸል ሂልመር በ2007 ይህንኑ በሽቦና በፖላራይዘር ፊልም ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በመጽሔት አስረድተዋል። ከሌዘሩ ፊት ያቆምነው ሦስተኛው ቁራጭ ባይኖርና ሌዘሩ ራሱ በየአቅጣጫው የሚወዛወዝ ቢሆን ማጥፊያው አይሠራም፤ በግራና በቀኝ ያለፈው መጀመሪያውኑ ዝምድና አይኖረውምና። ጭረቱ ካልተመለሰ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እርሱ ነው።

ከዚህ ተነስተው “ብርሃኑ ካለፈ በኋላ ወስነን ያለፈውን ለወጥነው” የሚሉ ብዙ ናቸው። ማጥፊያውን በሌላው አቅጣጫ፣ 135 ዲግሪ ላይ አዙሩት። ጭረት እንደገና ይወጣል፤ ነገር ግን ቅድም ደማቅ በነበረበት ጨለማ፣ ጨለማ በነበረበት ደማቅ ይሆናል። ሁለቱን ሥዕሎች ብትደምሯቸው ያው ማጥፊያው ሳይኖር የነበረው ጭረት አልባ ብርሃን ነው። ማጥፊያው ከብርሃኑ ግማሹን መርጦ ያሳልፋል፤ የተመረጠው ግማሽ ውስጥ ጭረት አለ፣ በተጣለውም ግማሽ ውስጥ ተቃራኒው ጭረት አለ። ያለፈ ነገር አልተለወጠም፤ ከድብልቁ አንዱ ወገን ተለየ እንጂ።

አንድ ገደብ ልብ ይባል። አንድ ሚሊዋት ሌዘር በሰከንድ ሦስት ሚሊዮን ቢሊዮን ያህል ፎቶን ይረጫል፤ ስለዚህ በክፍላችን ያየነውን ሁሉ የድሮው የሞገድ ትምህርትም ያስረዳዋል። ፍሬኔልና አራጎ በ1819፣ ፎቶን የሚባል ነገር ሳይታሰብ፣ በተጻራሪ አቅጣጫ የሚወዛወዙ ጨረሮች ጭረት እንደማይሠሩ አሳትመው ነበር። የኳንተሙ ጉዳይ የሚጀምረው ብርሃኑ ተደብዝዞ ፎቶኖቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ ነው፤ እያንዳንዱ ፎቶን በአንድ ነጥብ ብቻ ይመታል፤ ነጥቦቹ ሲጠራቀሙ ግን ምልክት ከሌለ ያው ጭረት፣ ምልክት ካለ ያው ጭረት አልባ ብርሃን ይሠራሉ። ይህን ለማየት ፎቶን የሚቆጥር መሣሪያ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ከካልኩሌተር ስክሪን አይወጣም።