ማህተሙ በዐረብኛው ገጽ ላይ ምን ይሆናል?

ዱባይ የሚሠራ ሰው ሚስቱን ወደዚያ ሊያመጣ ሲነሣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ወረቀቱ መረጋገጥ፣ ቋንቋው ዐረብኛ ካልሆነም ወደ ዐረብኛ መተርጎም አለበት። መስኮት ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ከአዲስ አበባ የመጣውን ወረቀትና ትርጉሙን ጎን ለጎን ዘርግቶ ያያል። አማርኛ አያነብም። ዓይኑ የሚያርፈው ፊደል ባልሆነው ነገር ላይ ነው፤ ክቡ ሐምራዊ ማህተም፣ የተጫጫረው ፊርማ፣ የባልና የሚስት ፎቶ፣ ከጀርባ ፈዝዞ የሚታየው አርማ። እነዚህን አንድ በአንድ በዐረብኛው ላይ ይፈልጋል። አንዱ ከጎደለ “ይሄ የዚህ ወረቀት ትርጉም ነው?” ብሎ ለመጠራጠር በቂ ምክንያት አለው።

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው መፍትሔ ከስካኑ ላይ ማህተሙን ቆርጦ ዐረብኛው ላይ መለጠፍ ነው። ደግ ይመስላል፣ ግን መደረግ የሌለበት ዋናው ነገር ይኸው ነው። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ያንን የዐረብኛ ገጽ አይቶትም አትሞበትም አያውቅም። ማህተሙ እዚያ ላይ ሲታይ ግን ያተመበት ይመስላል። በትርጉሙ ገጽ ላይ በእውነት ሊያርፍ የሚገባው ማህተም የተርጓሚው ብቻ ነው፤ በኤምሬቶች ይህ ማለት የፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው ተርጓሚ ማለት ነው። የቀረው ሁሉ፣ ማህተሙም ፊርማውም አርማውም፣ በቃል ተገልጾ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ይገባል። ቅንፉ “እዚህ ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለ፤ እኔ ግን አልሠራሁትም” የሚል የተርጓሚው ድምፅ ነው። ክብ ቅንፍ የማይመረጠው ዋናው ሰነድ ራሱ ስለሚጠቀምበት ነው፤ ከተደባለቁ የሰነዱ ቃልና የተርጓሚው ቃል አይለዩም። በላቲን ፊደል እንደሚደረገው ጽሑፉን ማዝመምም አይመከርም። የዐረብኛ ፊደል ሲያጋድል ለማንበብ ይከብዳል፤ መጠኑን ትንሽ መቀነስ ይበቃል።

እስቲ አንድ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከፊታችን እናድርግ። ከላይ አርማ፣ ከጀርባ የፈዘዘ የውሃ ምልክት አለው። ሁለት ፎቶ ተለጥፎበታል። ከታች የመዝጋቢው ፊርማ፣ ከፊርማው ሥር ቲተር፣ በሁለቱ ላይ ደግሞ ክብ ማህተም አርፏል። የማህተሙ ግማሽ ዙሪያ አልያዘም፤ “አዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር” የሚለው ይነበባል፣ የወረዳው ቁጥር ግን ቀለሙ ስላልወጣ ጠፍቷል። በዐረብኛው ላይ የሚጻፉት መስመሮች እንዲህ ይሆናሉ፦

```
[علامة مائية: شعار]
[توقيع غير مقروء]
[ختم دائري بنفسجي: إدارة مدينة أديس أبابا ... باقي الكتابة غير مقروء]
```

የመጀመሪያው የውሃ ምልክቱ አርማ መሆኑን ይናገራል። ሁለተኛው ፊርማ እንዳለ፣ ግን እንደማይነበብ ይገልጻል። ሦስተኛው የማህተሙን ቅርጽና ቀለም ጠቅሶ የሚነበበውን ይተረጉማል፤ የማይነበበውንም አይነበብም ይላል። ፈተናው ያለው እዚህ ላይ ነው። የወረዳው ቁጥር በገጹ አናት ላይ በግልጽ ስለተጻፈ የማህተሙን ጎዶሎ በእሱ መሙላት ያጓጓል። ምናልባትም ትክክል ይሆናል። ተርጓሚው ግን የሚመሰክረው ላየው ነገር ነው፤ በማህተሙ ላይ ያላየውን ቁጥር ከጻፈ ያልታተመ ማህተም አተመ ማለት ነው። ለአንባቢው ይጠቅማል ብሎ ካመነ ከገጹ ግርጌ “በሰነዱ አናት ላይ የተጠቀሰው ወረዳ ይህ ነው” የሚል የተርጓሚ ማስታወሻ ለብቻው ማስቀመጥ ይችላል።

ፊርማና ቲተርም እንዲሁ ተለይተው መታየት አለባቸው። ቲተሩ ጽሑፍ ነው፤ ስሙም ማዕረጉም ሙሉ በሙሉ ይተረጎማል። ፊርማው ግን ጭረት ነው። አንዳንዱ ሁለቱን አዋህዶ “የአቶ እከሌ ፊርማ” ብሎ ይጽፋል፤ ይህን ካደረገ ፊርማው የዚያ ሰው መሆኑን እያረጋገጠ ነው። ስለ መዝጋቢው ተወካይ ፈርሞ ቢሆንስ? “ፊርማ” ብሎ ከሥሩ የቲተሩን ትርጉም ማስቀመጥ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያድናል። ፎቶው ላይ ማህተም ካረፈም ይገለጻል፦ “የባል ፎቶ፣ የክብ ማህተም ከፊል አርፎበታል”። ፎቶው አለመቀየሩን የሚያሳየው ይኸው ግማሽ ፎቶው ላይ፣ ግማሽ ወረቀቱ ላይ ያለ ማህተም ስለሆነ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ዝርዝር አይደለም።

አንዳንድ ትርጉም ቤት ግን ከገጹ ግርጌ “ማህተምና ፊርማ አለው” ብሎ በአንድ መስመር ይገላገላል። ስንት ማህተም? የማን? የት? እኔ ቢሆን ይህን አልቀበልም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ስካኑ ላይ ነገሩ ካለ ነው። በጥቁርና ነጭ የተነሣ ስካን እያንዳንዱን ነጥብ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ያደርገዋል። የፈዘዘው የውሃ ምልክት ነጭ ሆኖ ይጠፋል፤ ሐምራዊው ማህተምና ከሥሩ ያለው ሰማያዊ ፊርማ ደግሞ አንድ ጥቁር ጉድፍ ይሆናሉ። የስልክ ስካን መተግበሪያዎችም “ገጹን አጥራ” በሚለው አማራጫቸው ጀርባውን ነጭ ሲያደርጉ አርማውን አብረው ይጠርጉታል። ስለዚህ ሰነዱ በቀለም፣ በ300 ዲፒአይ፣ ያለምንም ማጥሪያ ቢነሣ ይሻላል። በወረቀቱ ውስጥ የተሠራ እውነተኛ የውሃ ምልክት ከዚህም ይለያል፤ የሚታየው ወረቀቱ ወደ ብርሃን ሲያዝ ስለሆነ ስካነር ላይ ጭራሽ ላይወጣ ይችላል። ደረቅ ማህተም፣ ማለትም ያለ ቀለም ወረቀቱን አስጎድጉዶ የሚታተመው፣ ችግሩ ተመሳሳይ ነው። የስካነር መብራት ጥላ ስለማይፈጥር ጉድጓዱ አይታይም። መብራት ከጎን አድርጎ በስልክ ፎቶ ማንሣት ጥላውን ያወጣዋል። ባለጉዳይ “ደረቅ ማህተም አለበት” ካለ ተርጓሚው ዋናውን ወይም እንዲህ ያለ ፎቶ መጠየቅ አለበት፤ በቃል ብቻ ሰምቶ ቅንፍ ውስጥ ማስገባት ያላዩትን መመስከር ነው።

ስካኑን ወደሚታረም ጽሑፍ የሚለውጡ ፕሮግራሞችም እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ከመስመሮቹ በላይ ያረፈ ማህተም ካለ የዙሪያውን ፊደላት ከዋናው ዓረፍተ ነገር ጋር ያደባልቃሉ፤ በሰያፍ የተጻፈ የውሃ ምልክት ካለም ቁርጥራጩ በየመስመሩ መሀል ይገባል። ማህተሙና ምልክቱ ያሉበትን ቦታ አስቀድሞ “ሥዕል ነው” ብሎ መከለል ብዙ ማረም ያስቀራል።

የዐረብኛው ልዩ ጣጣ የሚመጣው ገጹ ሲገለበጥ ነው። አጻጻፉ ከቀኝ ስለሚጀምር በአማርኛው በግራ ያለው ዓምድ በዐረብኛው ወደ ቀኝ ይዞራል። የባል ስምና ፊርማ በግራ፣ የሚስት በቀኝ ነበሩ እንበል። ተርጓሚው ስሞቹን አገላብጦ “ፊርማ” የሚሉትን ቅንፎች ግን በነበሩበት ከተወ፣ የባል ፊርማ በሚስት ስም ሥር ያርፋል። መድኃኒቱ ተንሳፋፊ የጽሑፍ ሳጥን ትቶ ድንበሩ የማይታይ ሰንጠረዥ መጠቀምና የሰንጠረዡን አቅጣጫ ከቀኝ ወደ ግራ ማድረግ ነው፤ ስሙና ፊርማው አብረው ይዞራሉ። አንቀጹ ራሱ ከቀኝ ወደ ግራ ካልተደረገም የመዝጊያው ቅንፍ በተሳሳተው ጫፍ ላይ ዘሎ ሊወጣ ይችላል።

ከዚህ ይልቅ ተደብቆ የሚያልፈው የቁጥሮች መገልበጥ ነው። ማህተም ሥር የደብዳቤ ቁጥር 05-3127 ተጽፏል እንበል። ከዐረብኛ ቃል ቀጥሎ ሲጻፍ ኮምፒውተሩ ሰረዙን እንደ መለያ ስለሚቆጥረው ሁለቱን ቁጥሮች አቀያይሮ 3127-05 አድርጎ ያሳያል። የተሳሳተ ነገር አልተጻፈም፤ ማሳያው ነው የገለበጠው። የሚገርመው፣ በሰረዙ ፈንታ ጋድሎሽ ካለ፣ 05/3127 ተብሎ ከተጻፈ፣ አይገለበጥም። ሰረዙን በጋድሎሽ መተካት ግን የሰነዱን ቁጥር መቀየር ነው። የሚሻለው ከቁጥሩ በፊት U+200E የሚባለውን የማይታይ ምልክት ማስገባት ነው፤ በዎርድ 200E ጽፎ Alt+X በመጫን ይገባል።

ቀኑም እንደዚሁ ነው። ማህተሙ ላይ 12-05-16 ካለ አንዱ ከቀኝ፣ ሌላው ከግራ ያነበዋል፤ በዚያ ላይ ዘመኑ የኢትዮጵያ ነው። እንዳለ ተጽፎ “በኢትዮጵያ አቆጣጠር” የሚል ይታከልበታል፤ በተርጓሚው ማስታወሻ ደግሞ የወሩ ስም በፊደል ሆኖ ጃንዋሪ 21 ቀን 2024 መሆኑ ይገለጻል።

የመጨረሻው ጥንቃቄ የወረቀቱ ጀርባ ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና የኤምባሲው ማረጋገጫ ማህተሞችና ተለጣፊዎች ብዙ ጊዜ የሚያርፉት እዚያ ሲሆን፣ ስካን ሲደረግም የሚረሳው እሱ ነው። በዐረብኛው “የገጹ ጀርባ” ተብሎ ለብቻው ይከፈታል፤ እያንዳንዱ ማህተም ከነቁጥሩና ከነቀኑ ይዘረዘራል። ስለዚህም ቅደም ተከተሉ ገንዘብ ያስቆጥባል። ወረቀቱ ሁሉንም ማረጋገጫ ሳይጨርስ ከተተረጎመ በኋላ የሚታተሙት ማህተሞች በዐረብኛው አይኖሩም። ቀድሞ አስተርጉሞ የተገኘ ሰው የድሮውን ትርጉም ይዞ ወደዚያው ተርጓሚ ይመለስና ጀርባውን እንዲያስገባ ይጠይቅ። በታተመና በተፈረመበት ትርጉም ላይ በእጅ የተጨመረ መስመር ግን ተቀባይነት ስለማይኖረው ተርጓሚው ገጹን እንደገና አትሞ፣ አዲስ ቀን ሰጥቶ፣ ማህተሙን እንደገና ማሳረፍ አለበት።