ሁለቱ ቁጥሮች የማን ናቸው?

የካልኩለስ ፈተና ወረቀት ተመለሰ። ተማሪው ቀድሞ ያየው የመጨረሻውን መስመር ነው፤ 156 ይላል። አጠገቡ ከተቀመጠው ጓደኛው ወረቀት ጋር አስተያየው፤ እዚያም 156 ነው። ጓደኛው ሙሉ ማርክ አግኝቷል፣ እሱ ግን ሁለት ማርክ ተቆርጦበታል። በቀይ እስክሪብቶ የተከበበው መልሱ ሳይሆን ከመካከል ያለች አንዲት መስመር ናት። "መልሱ ልክ ከሆነ ምኑ ተቆረጠ?" እያለ ወረቀቱን ይዞ ወደ መምህሩ ቢሮ አመራ።

ካልኩለስ ያስተማረ ሰው ሁሉ ይህን ተማሪ ያውቀዋል። በኢትዮጵያ ኢንተግራል 12ኛ ክፍል ላይ ይጀመራል፣ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ ሰፋ ብሎ ይመለሳል። በሁለቱም ቦታ የምትከበበው መስመር ያችው ናት።

ጥያቄው ይህ ነበር፦

∫₀² 2x(x² + 1)³ dx

ረጅሙ ምልክት የሚጠይቀው ስፋት ነው። 2x(x² + 1)³ የሚለው ቀመር ወረቀት ላይ ሲሳል ወደ ላይ የሚወጣ ኩርባ መስመር ይሆናል፤ x ከ0 ተነስቶ 2 እስኪደርስ ድረስ ከኩርባው ሥር ያለው ቦታ ስንት ነው? ከምልክቱ እግርና ራስ ላይ የተቀመጡት 0 እና 2 ወሰኖቹ ናቸው፤ ክፍል ውስጥ "ሊሚት" የሚባሉት።

ቅንፉን ሦስት ጊዜ እያባዙ መዘርጋት ይቻላል፣ ግን አድካሚ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች "ሰብስቲትዩሽን" የሚሉትን መተካት ይጠቀማሉ። ቅንፉ ውስጥ ያለው x² + 1 አዲስ ስም ይሰጠውና u ይባላል። x ትንሽ ሲንቀሳቀስ u የሚንቀሳቀሰው የዚያን 2x እጥፍ ነው፤ በጽሑፍ du = 2x dx ማለት ነው። ደግነቱ 2x dx ጥያቄው ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ያ ሁሉ ግርግር ተሰብስቦ u³ du ብቻ ይቀራል፣ የእሱ ኢንተግራል ደግሞ u⁴/4 ነው። እስከዚህ ድረስ የሚሳሳት ተማሪ ብዙ አይደለም።

የቀሩት ሁለቱ ቁጥሮች ናቸው። 0 እና 2 የ x ነበሩ። x ዜሮ ላይ ሲሆን u = 0 + 1 = 1 ነው፤ x ሁለት ላይ ሲደርስ ደግሞ u = 4 + 1 = 5። ስለዚህ ትክክለኛው መስመር እንዲህ ይጻፋል፦

∫₁⁵ u³ du = (5⁴ − 1⁴)/4 = (625 − 1)/4 = 156

ማርክ የተቆረጠበት ተማሪ የጻፈው ግን ∫₀² u³ du ነው። ቀጠለና u⁴/4 አለ፤ ከዚያ u የነበረበት ቦታ x² + 1 መለሰ፤ በመጨረሻም በ x ቦታ 2 እና 0 አስገብቶ 625/4 − 1/4 አገኘ። ይኸውና 156። በልቡ ቁጥሮቹን ለ x ነበር ያስቀመጣቸው፤ እጁ ግን ለ u ሰጣቸው። የተከበበችው መስመር ለብቻዋ ብትነበብ መልሷ 2⁴/4፣ ማለትም 4 ነው። ተማሪው መስመሮቹን ሁሉ በእኩል ምልክት ስላያያዛቸው፣ ወረቀቱ ሲነበብ "156 ከ4 ጋር እኩል ነው፣ 4ም ከ156 ጋር እኩል ነው" ይላል። መምህሩ የቆረጠው ለዚህ ነው። ሁለት ማርክ በዛ የሚል ሊኖር ይችላል፤ አንዳንድ መምህርም አይቶ ያልፈዋል። ያቺን መስመር ያለ ማስጠንቀቂያ ማሳለፍ ግን ተማሪውን አይጠቅመውም፤ በሚቀጥለው ፈተና ያንኑ መስመር ጽፎ ወደ x መመለሱን ቢረሳ መልሱ 4 ሆኖ ይወጣል። ምርጫ ባለው ፈተና ደግሞ ጥያቄ አውጪው ይህን መንሸራተት ስለሚያውቅ 4ን ከምርጫዎቹ አንዱ አድርጎ ሊያስቀምጠው ይችላል።

ነገሩን ከቤታችን ሰዓት ጋር ማነጻጸር ይረዳል። አንድ ክሊኒክ "ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት ክፍት ነው" ብሎ ለጠፈ እንበል። አንድ ሰው ማስታወቂያውን ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጉም ቃሉን ቀይሮ ቁጥሩን እንዳለ ተወው። የውጭ አገር እንግዳው በራሱ ሰዓት 2 ላይ፣ ማለትም በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይመጣና በሩን ዝግ ያገኘዋል። ሰዓቱ ከተቀየረ መክፈቻውም መዝጊያውም 8 እና 12 ተብለው መጻፍ ነበረባቸው። ከ x ወደ u መሄድም ሰዓት መቀየር ነው። ልዩነቱ፣ የእኛና የፈረንጅ ሰዓት የሚለያዩት በስድስት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ርዝመቱ አይለወጥም፤ አራት ሰዓት በሁለቱም አራት ሰዓት ነው። u ግን መንገዱን ይለጥጠዋል። x ከ0 ወደ 1 ሲሄድ u ከ1 ወደ 2 ይሄዳል፤ x ከ1 ወደ 2 ሲሄድ ግን u ከ2 ተነስቶ 5 ላይ ይደርሳል። የሁለት እርምጃ መንገድ አራት እርምጃ ሆኗል ማለት ነው።

ሌላ ወረቀት ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይገኛል። ይህኛው ተማሪ ጠንቃቃ ነው፤ ወሰኖቹን በሚገባ ወደ 1 እና 5 ቀይሯል። ከዚያ ግን የድሮ ልማዱ ይይዘውና u⁴/4ን ወደ (x² + 1)⁴/4 ይመልሰዋል፣ እዚያም ላይ 5 እና 1 ያስገባል። 26 ለአራት ጊዜ ሲባዛ 456,976 ነው፤ 16 ይቀነስና ለአራት ይካፈል፤ 114,240 ይወጣል። ወሰኑን የቀየረ ሰው ወደ x መመለስ የለበትም፤ ወደ x የሚመለስ ሰው ደግሞ ወሰኑን መቀየር የለበትም። ሁለቱን መንገድ የቀላቀለ ትርጉሙን እንደገና ተርጉሞታል።

እነዚህን ሁለት መልሶች ያለ አስተማሪ መያዝ ይቻላል። x = 1 ላይ የኩርባው ቁመት 2 × 8 = 16 ነው፤ x = 2 ላይ ደግሞ 4 × 125 = 500። ኩርባው ሁልጊዜ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ከ1 እስከ 2 ባለው ክፍል ብቻ ስፋቱ ከ16 አያንስም። እንግዲያው 4 መልስ ሊሆን አይችልም። በሌላ በኩል ጎኑ 2፣ ቁመቱ 500 የሆነ ሳጥን ኩርባውን በሙሉ ይውጠዋል፤ የሳጥኑ ስፋት 1,000 ነው። 114,240 ከሳጥኑ መቶ እጥፍ በላይ ነው።

ለመሆኑ ተማሪው ለምን ይሳሳታል? ከፊሉ ጥፋት የምልክቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ረጅሙን ∫ በ1675 የፈጠረው ጀርመናዊው ላይብኒዝ ነው፤ ድምር ከሚለው የላቲን ቃል የመጀመሪያ ፊደል ወስዶ። ወሰኖቹን በእግሩና በራሱ ላይ ማስቀመጥን ያስለመደው ግን ፈረንሳዊው ፉሪየ ሲሆን፣ ስለ ሙቀት በጻፈውና በ1822 በታተመው መጽሐፉ ነው የተስፋፋው። አጻጻፉ አጭርና ያማረ ስለሆነ ዓለም ሁሉ ተቀበለው። ሁለቱ ቁጥሮች ግን የማን እንደሆኑ ራሳቸው አይናገሩም። የባለቤቱ ስም ያለው በመስመሩ ሌላኛ ጫፍ፣ dx ላይ ነው። dx ተፍቆ du ሲጻፍ በግራ ያሉት ቁጥሮች ማንም ሳይነካቸው ባለቤት ይቀይራሉ። የተማሪው ዓይን በዚያች ቅጽበት ያለው በቀኝ በኩል ነው።

ስለዚህ ነው ብዙ መምህራን ወደ x መመለስ ለሚመርጥ ተማሪ ከምልክቱ ሥር "0" ብቻ ሳይሆን "x = 0"፣ ከላይም "x = 2" ብሎ እንዲጽፍ የሚመክሩት። መስመሩ du ይበል እንጂ ቁጥሮቹ የ x መሆናቸው ተጽፏል፤ የሚከበብ ነገር አይኖርም።

ከላይ ያሉት የተሳሳቱ መልሶች ከእውነቱ እጅግ ስለራቁ ይጋለጣሉ። ክፉው ስህተት የሚቀርበው ነው። ∫₀² √(4 − x²) dx የሚለውን እንውሰድ። ይህ ራዲየሱ 2 የሆነ ክብ ሩብ ነው፣ ስፋቱም ልክ π፣ ማለትም 3.14 ገደማ ነው። በካልኩለስ ሲሠራ x = 2 sin θ ተብሎ ይተካል፤ ውስጡም ወደ 4 cos² θ ይቀየራል፣ ኢንተግራሉ 2θ + sin 2θ ይሆናል። x ሁለት ላይ ሲደርስ ሳይኑ 1 ነው፣ ስለዚህ ቴታ π/2 ላይ መቆም አለበት፤ 1.57 ሬዲያን አካባቢ። ወሰኑን ሳይቀይር 2 ብሎ ያስገባ ተማሪ 4 + sin 4 ያገኛል። ይህም 3.24 ነው።

3.14 እና 3.24። በሳጥን መያዝ አይቻልም፤ ሩቡን ክብ የሚይዘው ካሬ ስፋቱ 4፣ ውስጡ የሚገባው ሦስት ማዕዘን 2 ስለሆነ ሁለቱም ቁጥሮች መካከል ላይ በሰላም ይቀመጣሉ። (ካልኩሌተሩ ዲግሪ ላይ ተረስቶ ከነበረ 4.07 ይወጣል፤ ያ ከካሬው ስለሚበልጥ ቢያንስ ያስነቃል።) ስህተቱ የሚታየው ቴታን በመከተል ብቻ ነው። ቴታ 1.57 ላይ ሲደርስ x ሁለትን ነክቷል፤ ሥራው አልቋል። ተማሪው ግን እስከ 2 ሬዲያን ሲቀጥል x ወደ ኋላ ተመልሶ 1.82 ላይ ይቆማል፣ ኮሳይኑም አሉታዊ ስለሚሆን ሥሩን በ 2 cos θ የተካበት ስምምነት ይፈርሳል። ትርፏ 0.10 የመጣችው ከዚያ ካለፈው ጎዳና ነው።

መምህሩ ቢሮ የሄደው ተማሪ ከዚያ በኋላ ወሰን መቀየር ለምዷል። በሚቀጥለው ፈተና ∫₀¹ (4 − x)² dx መጣለት። u = 4 − x አለ፤ du = −dx። x = 0 ላይ u = 4፣ x = 1 ላይ u = 3። አራቱን ከሥር፣ ሦስቱን ከላይ ጻፈና ተጠራጠረ፤ ትልቁ ቁጥር እንዴት ከሥር ይሆናል? "አስተካክሎ" አገላበጣቸው፤ የመቀነስ ምልክቱን ግን ከፊት እንዳለ ተወው፤ −37/3 አገኘ። በካሬ የተነሳ ቁጥር ደግሞ ከዜሮ በታች ስፋት አይሰጥም። ከሥር ያለው ወሰን ትንሹ ሳይሆን መነሻው ነው፤ x ሲጀምር u አራት ላይ ከነበረ ከአራት ይነሳል፣ የመቀነስ ምልክቱም ራሱ ያቀናዋል፤ መልሱ 37/3።