ከአልጋ እስከ መጸዳጃ

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት እናቴ ከመጸዳጃው ልትነሳ ስትል የያዘችው የፎጣ መስቀያ ከነፊሸሩ ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። ደግነቱ መልሳ እዚያው መቀመጫው ላይ ዘፍ አለች እንጂ ወለሉ ላይ አልወደቀችም። ጠዋት ስጠይቃት "መስቀያው አርጅቶ ነው" አለችኝ። መስቀያው ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ እሷ 78።

የዚያኑ ቀን ዕቃ ልገዛ ስነሳ ፊዚዮቴራፒስት የሆነች ጎረቤታችን አስቆመችኝ። "መጀመሪያ ሌሊት ተነስ፤ መብራት ሳታበራ እሷ የምትሄድበትን ሂድ" አለች። ሄድኩ። ከአልጋ እስከ መጸዳጃ 11 እርምጃ ናት። በዚያች መንገድ ላይ የቴሌቪዥኑ ኤክስቴንሽን ገመድ ተዘርግቷል፣ የምንጣፉ ጫፍ ተቆልምሟል፣ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ከደፉ በአራት ጣት ዝቅ ይላል። ከበሩ ጀርባ ደግሞ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የተደረደሩ ጀሪካኖች አሉ። ቀን ቀን ሁሉንም እያየን እናልፋቸዋለን።

መንገዱን ማጽዳቱ ገንዘብ አልጠየቀም። ገመዱ በግድግዳው ጥግ ሄደ፣ ምንጣፉ ተነሳ፣ ጀሪካኖቹ ወጥ ቤት ገቡ። ደፉን ማስተካከል ስላልቻልን ጠርዙን ደማቅ ቢጫ ቀባነው። ወለሉም ደፉም አንድ ዓይነት ነጭ ሴራሚክ ሲሆኑ ለሽማግሌ ዓይን ዝቅታው አይታይም።

ብርሃኑም ቢሆን ብዙ ዋት ብቻ አይደለም የሚፈልገው። በ60 ዓመት ዕድሜ ከዓይን ኋላ የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመት ከነበረው ሲሶ ያህል ነው፤ ከጨለማ ወደ ብርሃን ለመልመድም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ጣሪያው ላይ ኃይለኛ አምፖል ማድረግ እኩለ ሌሊት ላይ ያደናብራታል። እኛ ከአልጋው አጠገብና ከመታጠቢያ ቤቱ በር ጎን፣ ከጉልበት ዝቅ ብለው፣ እንቅስቃሴ ሲሰማቸው የሚበሩ ሁለት ትናንሽ መብራቶች አደረግን። ቻርጅ የሚደረጉ ስለሆኑ መብራት ሲጠፋም ይሠራሉ።

ብዙ ያደከመን የመያዣው ብረት ነው። የቤታችን ግድግዳ ብሎኬት ነው፤ ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ተራ ፊሸር ቀጭኗን ግድግዳ ብቻ ነው የሚይዘው። ፎጣ ይሸከማል፣ ሰው ግን አይሸከምም። ባለሙያው መጀመሪያ ያንኑ በረዘመ ብሎን ሊደግምልኝ ነበር። ጎረቤታችን ባትኖር እሺ እል ነበር። በመጨረሻ ግድግዳውን ወዲያ ማዶ ድረስ በስተን፣ ከኋላ የብረት ሳህን አድርገን በብሎን አሰርነው። ከዚያ እኔ ሙሉ ክብደቴን ጥዬ ተንጠለጠልኩበት። ቦታውን የመረጠችው እናቴ ናት፤ ተቀምጣ እጇን ዘርግታ ያረፈበት ላይ ምልክት አደረግን።

የመቀመጫ ልክ የሚወጣው ከሰውየው እግር ነው። ቤት የምታደርገውን ጫማ እንዳደረገች ከወለሉ እስከ ጉልበቷ ማጠፊያ ለካን፤ 41 ሴንቲ ሜትር ሆነ። መቀመጫ ከዚህ ትንሽ ከፍ ቢል ጥሩ ነው፤ በጣም ከፍ ካለ ግን እግር ይንጠለጠልና ሰውነት ወደ ፊት ይንሸራተታል። ሶፋችን ሲታይ 39 ነው፣ ስትቀመጥበት ግን ስፖንጁ ሰምጦ 31 ሆኖ ተገኘ። ለካስ "ጉልበቴ ከዳኝ" የምትለው ከዚያ ሶፋ ስትነሳ ነው! ጠንካራ ስፖንጅ ካስገባን በኋላ እግሮቹን አንድ ወጥ የእንጨት ፍሬም ላይ አሳረፍን፤ ስትቀመጥበት 44 ሆነ። ጡብ በየእግሩ መደርደር ይቀላል፣ ግን ሶፋው ሲገፋ ይንሸራተታል። መጸዳጃው 40 ስለነበር 5 ሴንቲ ሜትር የሚጨምር መቀመጫ አጠበቅንበት።

ወለሉ ላይ መጀመሪያ የገዛነው ከሥሩ መምጠጫ ያለው የላስቲክ ምንጣፍ ነበር። የሴራሚኩ መጋጠሚያ ላይ ሲያርፍ አየር እየገባበት ይላቀቃል፤ በእግር ገፋ ሲደረግ አብሮ ይሄዳል። ሸካራ ተለጣፊ ጭረቶች ተሻሉን። ከመለጠፋቸው በፊት ግን ወለሉ ከሳሙና ቅባት ጸድቶ አድሮ መድረቅ አለበት፤ ያለዚያ በሳምንት ጫፋቸው ይነሳና ራሳቸው እንቅፋት ይሆናሉ። የመታጠቢያ ቤቱንም በር ወደ ውጭ እንዲከፈት አዞርነው። ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ሰው ከኋላው ቢወድቅ ገብቶ ማንሳት አይቻልም።

ሁለት ነገር ላይ ተከራክረናል። አንደኛው የበዓል ቄጠማ ነው። ሴራሚክ ላይ እርጥብ ቄጠማ እንደ ሳሙና ነው፤ አሁን የሚጎዘጎዘው እሷ የማታልፍበት፣ በረከቦቱ ዙሪያ ብቻ ነው። ሁለተኛው የቡና በርጩማዋ ነው። "ወንበር ላይ ተቀምጬ ቡና ላፈላ? ሰው ምን ይላል?" አለች። ረከቦቱን ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ አደረግንላትና እሷ ወንበር ላይ ሆነች። ተረከዝ የሌላት ነጠላ ጫማዋን ግን እስከዛሬ አላስጣልኳትም፤ የገዛሁላት ጫማ ከነካርቶኑ አልጋዋ ሥር ነው።