የኤቨረስቱ ዘጋቢ የሸሸጉት ምስጢር

እ.አ.አ. በ1953 ኤድመንድ ሂላሪና ቴንዚንግ ኖርጌይ የኤቨረስት ጫፍ ላይ ሲደርሱ ወሬውን ለለንደኑ «ታይምስ» ጋዜጣ የላኩት የ26 ዓመቱ ዘጋቢ ጄምስ ሞሪስ ነበሩ። ተፎካካሪ ጋዜጦች ዜናውን እንዳይነጥቁ መልእክቱ በምስጢር ቃል ነበር የተላከው። «የበረዶው ሁኔታ መጥፎ ነው» ማለት «ኤቨረስት ተወጥቷል» ማለት ነው። ዜናው ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ በጫኑበት ዕለት ማለዳ ታተመና ዘጋቢውን በአንድ ጀንበር ስመ ጥር አደረጋቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ ቬኒስና ስለ ብሪታኒያ ግዛት የጻፏቸው መጻሕፍት በዓለም ዙሪያ ተነበቡ። ሰውየው የቀድሞ የፈረሰኛ ክፍለ ጦር መኮንን፣ ባለትዳርና የልጆች አባት ነበሩ። ከውጭ ሲታዩ ምንም የጎደላቸው ነገር አልነበረም።

በ1974 ግን ያው ደራሲ ጃን ሞሪስ በሚል የሴት ስም አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። «ኮናንድረም» ይባላል። መጽሐፉ ስለ ከተማም ስለ ግዛትም አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ካዛብላንካ ድረስ ሄደው ሰውነታቸውን በቀዶ ሕክምና ስላስቀየሩበት ምክንያት ነው የሚተርከው።

ታሪኩ የሚጀምረው በልጅነት ነው። የሦስት ወይም የአራት ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው ፒያኖ ሲጫወቱ ከፒያኖው ሥር ተቀምጠው ነበር። እዚያው እንደተቀመጡ ሴት ሆነው መወለድ ሲገባቸው ያለ ቦታቸው ወንድ ሆነው መወለዳቸው ገባቸው። ነገሩን ለማንም አልተናገሩም። ኦክስፎርድ ውስጥ በካቴድራል መዘምራን ትምህርት ቤት ሲማሩም ጸሎቱ ሲያበቃ በሚኖረው የዝምታ ጊዜ እግዚአብሔር ሴት እንዲያደርጋቸው በየዕለቱ ይለምኑ እንደነበር ጽፈዋል።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። ሞሪስ ሰውነታቸውን አስቀያሚ ነው አላሉም። እንዲያውም ኤቨረስት ላይ በነበሩ ጊዜ የወጣት ወንድ ሰውነት የሚሰጠው ብርታትና ቅልጥፍና እንዴት ደስ እንደሚል በአድናቆት ጽፈዋል። በጦር ሠራዊቱም ደስ ብሏቸው ነው የቆዩት፤ ነገር ግን በወንዶች መካከል ራሳቸውን ያዩ የነበረው ሳይታወቅበት እንደገባ እንግዳ ነበር። መሣሪያው ይሠራል፣ ግን የእኔ አይደለም የሚል ስሜት ነው። ክፍተቱን በዚህ መልክ መግለጻቸው ነው መጽሐፉን እስከ ዛሬ ተነባቢ ያደረገው፤ ብዙ ሰው ችግሩ መልክን ከመጥላት የሚመጣ ይመስለዋልና።

ሐኪሞችም ይህን ልዩነት በጥንቃቄ ይለያሉ። መልኩን አብዝቶ የሚጠላ፣ ደህና የሆነ አፍንጫውን ግን ጠማማና አስፈሪ አድርጎ የሚያይ ሰው ሌላ ዓይነት ሕመም ነው ያለበት፤ የሚያየው ነገር ተዛብቷል። ጄንደር ዲስፎሪያ ያለበት ሰው ግን ሰውነቱን እንዳለ ነው የሚያየው። ጡቱን ጡት፣ ጢሙን ጢም ብሎ ያውቃል። የሚያስጨንቀው ያ አካል ውስጡ ከሚነግረው ፆታ ጋር አለመግጠሙ ነው። በተፈጥሮ የወንድና የሴት የአካል ምልክት ተቀላቅሎባቸው የሚወለዱ ሰዎችም አሉ፤ ይህም ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነው። የሞሪስ ሰውነት በሐኪም ዓይን ፍጹም ጤናማ የወንድ ሰውነት ነበር።

ነገሩ ከፍቅር ምርጫ ጋርም አንድ አይደለም። ሞሪስ በ1949 ኤሊዛቤት ታክኒስን ሲያገቡ ምስጢራቸውን አልደበቁባቸውም። አምስት ልጆች ወለዱ፤ አንዷ በሕፃንነቷ ሞተች። ፍቅራቸው የጸና ነበር፤ የፆታው ጥያቄ ግን ትዳር ስለያዙ አልበረደም። ዕድሜያቸው ወደ አርባ ሲጠጋ ጭንቀቱ እየከፋ ሄደ። ሐኪም ባይገኝ ኖሮ ቢላዋውን በገዛ እጃቸው ከማንሣት እንደማይመለሱ በመጽሐፉ ላይ አስፍረዋል።

ሐኪም ግን ተገኘ። ኒው ዮርክ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ጀርመን ተወላጁ የሆርሞን ሐኪም ሃሪ ቤንጃሚን በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ሰው ሳያፌዙ ከሚሰሙት ጥቂቶች አንዱ ነበሩ። የእርሳቸው ሐሳብ ቀጥተኛ ነው፦ የሥነ ልቦና ሕክምና ለዓመታት ተሞክሮ ውስጣዊውን ስሜት መቀየር ካልቻለ፣ ቢያንስ ለአንዳንዶቹ ሰውነትን ወደ ስሜቱ ማስጠጋት ይሻላል። ሞሪስ በ1964 የሴት ሆርሞን መውሰድ ጀመሩ። በነዚያ ዓመታት የዋጡትን ክኒን ሲገምቱ ቢያንስ 12 ሺህ ይደርሳል ብለዋል።

የሴት ሆርሞን በአዋቂ ወንድ ሰውነት ላይ የሚሠራው በዝግታ ነው። ቆዳ ይለሰልሳል፣ ጡት ቀስ እያለ ያድጋል፣ የጡንቻ ጉልበት ይቀንሳል፣ ስብ ወደ ዳሌ ይሄዳል፣ የመውለድ አቅምም ሊጠፋ ይችላል። አጥንትን ግን አያሳጥርም፤ በጉርምስና የወፈረውን ድምፅም አያቀጥንም። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ሆርሞን ከጀመሩ በኋላ ለብቻው የድምፅ ልምምድ የሚያደርጉት። በተቃራኒው ሴት ሆኖ የተወለደ ሰው የወንድ ሆርሞን ሲወስድ ድምፁ በወራት ውስጥ ይወፍራል፤ መድኃኒቱን ቢያቆምም ወደነበረበት አይመለስም። ይህን አስቀድሞ ሳይረዱ መጀመር ኋላ ለጸጸት ከሚዳርጉት ነገሮች አንዱ ነው።

በመጨረሻም ቀዶ ሕክምናው መጣ። የእንግሊዝ ሐኪሞች መጀመሪያ ከሚስትዎ ይፋቱ የሚል ቅድመ ሁኔታ አቀረቡ። ሞሪስ እምቢ አሉና በ1972 ሞሮኮ ሄዱ፤ ካዛብላንካ ውስጥ ዦርዥ ቡሩ የተባሉ ፈረንሳዊ የማሕፀን ሐኪም ይህን ቀዶ ሕክምና ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሲሠሩ ቆይተው ነበር። ሞሪስ ዕድሜያቸው 45 ነበር።

ከዚያ በኋላ የጻፉት ግን ሁሉንም አላስደሰተም። ሴት ሆነው መኖር ከጀመሩ ወዲህ ሰዎች መኪና ወደ ኋላ መንዳት ወይም ጠርሙስ መክፈት አትችልም ብለው ስለሚያስቡ፣ እርሳቸውም በእርግጥ እየተሳናቸው እንደመጣ ተርከዋል። እንደ ሬቤካ ዌስትና ኖራ ኤፍሮን ያሉ ሴት ጸሐፊዎች ይህን ሲያነቡ ተቆጡ፤ ሴትነት ማለት ሻንጣ የሚያነሣልህ ሰው ማግኘት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ትችቱ ፍትሐዊ ነው። አንድ ሰው ውስጣዊ ስሜቱን በሐቀኝነት መናገሩ ስለ ሴቶች ሁሉ የሚናገረውን እውነት አያደርገውም። ይሁንና መጽሐፉ የአንድ ሰው ምስክርነት እንጂ የሴትነት መማሪያ ተብሎ አልተጻፈም።

የሁሉም ሰው ታሪክ የሞሪስን አይመስልም። የነርቭ ሳይንስ ሊቁ ቤን ባረስ በ1954 አሜሪካ ውስጥ ሴት ልጅ ተብለው ተመዘገቡ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ወንድ እንደሆኑ ይሰማቸው ነበር፤ ጉርምስና ሲመጣ በሰውነታቸው ያፍሩ ጀመር። ያለባቸው ነገር ስም እንዳለው ግን እስከ አርባዎቹ ዕድሜያቸው ድረስ አላወቁም። በጡት ካንሰር ሲያዙ ሐኪማቸውን ጤነኛውንም ጡት አብረው እንዲያወጡላቸው ጠየቁ፤ ሲወጣ የተሰማቸው ሐዘን ሳይሆን እፎይታ ነበር። በ1997 ስለ አንድ ትራንስጀንደር ሰው የተጻፈ የጋዜጣ ጽሑፍ አነበቡና ራሳቸውን እዚያ ውስጥ አገኙት። በዚያው ዓመት የወንድ ሆርሞን መውሰድ ጀመሩ። በ2013 ወደ አሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ሲመረጡ ትራንስጀንደርነታቸውን በይፋ የተናገሩ የመጀመሪያው አባል ሆኑ።

የባረስ ገጠመኝ አንድ ተጨማሪ ነገር አሳይቷል። ከለውጡ በኋላ አንድ ሰው ንግግራቸውን ሰምቶ ሲወጣ የቤን ሥራ ከእህቱ ሥራ በጣም ይበልጣል ሲል በወሬ ወሬ ደረሳቸው። እህቱ የተባሉት እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ባረስ ይህን በ2006 «ኔቸር» መጽሔት ላይ በጻፉት ጽሑፍ ጠቅሰው ሳይንስ ሴቶችን እንዴት እንደሚያሳንስ ተከራክረውበታል።

አንዱ በአራት ዓመት፣ ሌላው ከአርባ በኋላ። ሐኪም ታዲያ በምን ያውቃል? የደም ምርመራ ወይም የአንጎል ፎቶ የለም። የነገሩ መንስኤም ተለይቶ አልታወቀም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው መመሪያ መሠረት ለአዋቂ ሰው ሁለት ነገር ይጠየቃል፦ በውስጣዊው የፆታ ስሜትና በሰውነት መካከል ያለው አለመግጠም ቢያንስ ለስድስት ወር የዘለቀ መሆን አለበት፤ ከዚህም ጋር ሰውየውን ክፉኛ የሚያስጨንቅ ወይም ሥራውንና ኑሮውን የሚያሰናክል መሆን አለበት። ጄንደር ዲስፎሪያ የሚባለው ይህ ጭንቀት ነው። ትራንስጀንደር ሆኖ ጭንቀት የሌለበት ሰው ይህ ምርመራ አይሰጠውም። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝሩ ጉዳዩን ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶ ከወሲባዊ ጤና ጋር በተያያዙ ሁኔታዎች ሥር አስቀምጦታል።

ከሁሉ የከበደው የልጆች ጉዳይ ነው። ሱሪ የምትወድ ልጅ ወይም አሻንጉሊት የሚያቅፍ ልጅ ሁሉ ዲስፎሪያ አለበት ማለት አይደለም፤ አብዛኛው ልጅነት ብቻ ነው። ጭንቀቱ እውነተኛ በሚሆንበት ጊዜም ጉርምስናን በመድኃኒት ማዘግየት ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ላይ ሐኪሞች ተከፋፍለዋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ሕክምናውን እንደሚደግፍ በ2023 በድጋሚ አረጋግጧል። በእንግሊዝ አገር ግን የሕፃናት ሐኪሟ ሂላሪ ካስ በ2024 ባቀረቡት ጥናታዊ ሪፖርት ማስረጃው ደካማ ነው ብለዋል። የአገሪቱ የጤና አገልግሎት መድኃኒቱን ከምርምር ውጭ ለልጆች ማዘዝ አቁሟል፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይም መንግሥት ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ አዲስ ታካሚዎች እገዳውን ላልተወሰነ ጊዜ አጽንቶታል። ለአዋቂዎች የሚሰጠው ሕክምና ግን አልተከለከለም።